«15 በመቶ» ስንት ብር ነው? የአነስተኛ ንግድ ብድር ቃላት በግልጽ ሲፈቱ

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የገንዘብ ፖሊሲውን ወደ ወለድ ተመን ሲያዞር 15 በመቶ የሚል ቁጥር ይፋ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር በገበያው ወሬ ውስጥ ቦታውን ለቆ ይዞራል። «ወለድ 15 በመቶ ሆኗል» የሚል ሰው ብድር ሊጠይቅ ሲሄድ ሌላ ቁጥር ይነገረዋል። ወይም ያው 15 ይነገረውና በዓመቱ መጨረሻ የከፈለው ብር ከጠበቀው በላይ ይሆንበታል።

በመጀመሪያ ይህን እናጥራ። የብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ «የፖሊሲ ወለድ» ይባላል። በብሔራዊ ባንክና በንግድ ባንኮች መካከል ላለው የገንዘብ እንቅስቃሴ መነሻ የሚሆን ተመን ነው። ዓሣ ነጋዴዋ፣ የልብስ ሰፊው ወይም የጀልባ ባለቤቱ የሚበደሩበት ዋጋ አይደለም። ያንን ዋጋ የሚያስቀምጠው አበዳሪው ራሱ ነው። አበዳሪው ያስቀመጠው መቶኛም ቢሆን ለብቻው ብዙ አይናገርም። ሁለት ተበዳሪዎች በተመሳሳይ «15 በመቶ» ተበድረው አንዱ የሌላውን እጥፍ ያህል ወለድ ሊከፍል ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ብድርን ለማስረዳት ከሚሠራ ስዕል ስር እንደሚጻፍ ሰፊ መግለጫ ሊነበብ ይችላል። በየብድር ቢሮው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ስዕሎች አብዛኛውን ጊዜ መቶኛውን በትልቁ ያሳያሉ። ከስዕሉ ስር ያለው ጽሑፍ ግን ተበዳሪው የሚፈልገውን አይነግረውም። ተበዳሪው ማወቅ የሚፈልገው እጁ ላይ ስንት ብር እንደሚገባ፣ ስንት ብር እንደሚመልስና መቼ መቼ እንደሚመልስ ነው።

አንድ ብድር፣ ሁለት ስሌት

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንያዘው። በባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ቆሮሶና አምባዛ ጠዋት ከጀልባ ላይ ትገዛለች። ዲፕ ፍሪዝ ስለሌላት በዕለቱ ያልሸጠችውን ከሰዓት በኋላ በወረደ ዋጋ ትለቃለች። ፍሪዝ ለመግዛትና የመሥሪያ ገንዘቧን ለማጠናከር 120 ሺህ ብር ለ12 ወር ልትበደር አስባለች። የተነገራት ወለድ በዓመት 15 በመቶ ነው። ነጋዴዋም ቁጥሮቹም ለምሳሌ የተያዙ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ለማንኛውም ብድር ይሠራል።

«ዋና ብድር» የሚባለው የተበደረችው 120 ሺህ ነው። በ12 ወር ሲካፈል በየወሩ 10 ሺህ ብር ዋና ትመልሳለች። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ወለዱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስሌት «ቋሚ ወለድ» ነው። በብድር ሠራተኞች አፍ «ፍላት» ይባላል። 15 በመቶው መጀመሪያ በተበደረችው 120 ሺህ ላይ አንዴ ይሰላል፤ 18 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ 18 ሺህ ለ12 ወር እኩል ይከፋፈላል። በየወሩ 1,500 ብር ወለድ ከ10 ሺህ ዋና ጋር ተደምሮ 11,500 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወርም በመጨረሻው ወርም ክፍያው ያው ነው።

ሁለተኛው ስሌት ወለዱን የሚያስበው ገና ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ነው። «ተቀናሽ ወለድ» ወይም «ዲክላይኒንግ» ሲባል ይሰማል። የመጀመሪያው ወር ዕዳ 120 ሺህ ስለሆነ የወሩ ወለድ 1,500 ብር ነው። 10 ሺህ ስትከፍል ዕዳው 110 ሺህ ይሆናል፤ የሁለተኛው ወር ወለድ ወደ 1,375 ብር ይወርዳል። ከዚያ በየወሩ 125 ብር እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻው ወር ዕዳው 10 ሺህ ብቻ ስለሆነ ወለዱ 125 ብር ነው። የ12ቱ ወር ወለድ ሲደመር 9,750 ብር ይሆናል።

በአንዱ 18,000፣ በሌላው 9,750። ልዩነቱ 8,250 ብር ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «15 በመቶ» ተብለው ተጽፈዋል።

አሁን የመጀመሪያውን ወር ክፍያ አስተውሉ። በቋሚው ስሌት 11,500 ነው። በተቀናሹም 11,500 ነው። ተበዳሪዋ የመጀመሪያ ወር ክፍያዋን ብቻ ጠይቃ ብትሄድ በየትኛው ስሌት እንደተበደረች ልታውቅ አትችልም። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ «በወር ስንት ነው?» ይላል። የሚለየው ጥያቄ «የሁለተኛው ወር ወለድ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከሆነ ስሌቱ ቋሚ ነው። ካነሰ ተቀናሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ አበዳሪዎች የተቀናሹን ስሌት ይጠቀሙና ለአያያዝ እንዲመች ወርሃዊ ክፍያውን እኩል ያደርጉታል። በእኛ ምሳሌ በየወሩ 10,831 ብር ገደማ ይሆናል። ክፍያው አይለዋወጥም፤ ውስጡ ግን መጀመሪያ ላይ ወለዱ ይበዛል፣ እየቆየ ዋናው ይበዛል። ስለዚህ ጠቅላላ ክፍያው እኩል መሆኑ ብቻውን ብድሩን «ፍላት» አያደርገውም። መታየት ያለበት በመክፈያ ሰሌዳው ላይ «ወለድ» የሚለው ዓምድ ነው። የመክፈያ ሰሌዳ ማለት የእያንዳንዱ ወር ዋና፣ ወለድና ቀሪ ዕዳ በመስመር በመስመር የተጻፈበት ሠንጠረዥ ነው።

ለምን እጥፍ ይጠጋል?

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ነጋዴዋ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ ስንት ብር በእጇ እንደያዘች ማየት ይበቃል። በመጀመሪያው ወር 120 ሺህ ይዛለች፣ በሁለተኛው 110፣ በሦስተኛው 100፣ እያለ በመጨረሻው ወር 10 ሺህ። አማካዩ 65 ሺህ ብር ነው። 120 ሺህ ተበደረች እንበል እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሠራችበት የአበዳሪው ገንዘብ 65 ሺህ ያህል ነው።

9,750ን ለ65 ሺህ ብናካፍል በትክክል 15 በመቶ ይመጣል። 18,000ን ለ65 ሺህ ብናካፍል ግን 27.7 በመቶ ይሆናል። በቋሚው ስሌት የመለሰችው ገንዘብም ወለድ ይታሰብበታል። በአሥራ ሁለተኛው ወር እጇ ላይ የቀረው 10 ሺህ ሆኖ ሳለ ወለድ የምትከፍለው በ120 ሺህ ላይ ነው።

እጅ የሚገባው ብር

ስዕሉ ላይ ከሁሉ በላይ መቅረት የሌለበት ቁጥር ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረውም ይኸው ነው። ብድሩ 120 ሺህ ተብሎ ቢፈቀድም ነጋዴዋ 120 ሺህ ይዛ አትወጣም። አስቀድሞ የሚቀነስ አለ።

የመጀመሪያው የአገልግሎት ክፍያ ነው። አበዳሪው ማመልከቻውን ላየበት፣ ንግዱን ሄዶ ለጎበኘበትና ሰነዱን ላዘጋጀበት ይወስደዋል። በምሳሌያችን 2 በመቶ እንበለው፤ 2,400 ብር ነው። ሁለተኛው የብድር መድን ነው። ተበዳሪው ቢሞት ወይም ከሥራ ውጭ ቢሆን ዕዳው ለቤተሰብ እንዳይተላለፍ የሚገባ ዋስትና ነው። 1 በመቶ ቢሆን 1,200 ብር። ሦስተኛው የግዴታ ቁጠባ ነው። ከብድሩ የተወሰነው በተበዳሪው ስም ይቀመጥና ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ አይነካም። 10 በመቶ ቢሆን 12 ሺህ ብር ነው።

ሲደመር 15,600 ብር ይቀነሳል። እጇ የሚገባው 104,400 ብር ነው። ወለዱ ግን የሚታሰበው በ120 ሺህ ላይ ነው።

የግዴታ ቁጠባ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው። አበዳሪው «ገንዘቡ የራስሽ ነው፣ ወለድም ይታሰብበታል» ይላል። ትክክል ነው። ገንዘቡ አይጠፋም። ግን ነጋዴዋ 12 ሺህ ብር ተበድራ መልሳ ለአበዳሪው እያስቀመጠች ነው። ለተበደረችው 15 በመቶ ትከፍላለች፤ ላስቀመጠችው፣ 7 በመቶ ቢታሰብላት፣ በዓመት 840 ብር ታገኛለች። በዚያ 12 ሺህ ዓሣ አልገዛችበትም።

ታዲያ እውነተኛው ዋጋ ስንት ነው? ያንኑ የአማካይ ስሌት እንጠቀም። ከ65 ሺህ አማካይ ላይ የታሰረው 12 ሺህ ሲቀነስ የሠራችበት ገንዘብ 53 ሺህ ነው። በተቀናሹ ስሌት ወጪዋ ወለድ 9,750 እና ክፍያዎቹ 3,600 ተደምረው፣ የቁጠባው 840 ተቀንሶ፣ 12,510 ብር ነው። ለ53 ሺህ ሲካፈል ወደ 24 በመቶ ይጠጋል። በቋሚው ስሌት ወጪዋ 20,760 ብር ይሆናል፤ ወደ 39 በመቶ ነው። ይህ ግምታዊ ስሌት ነው። በየወሩ የሚወጣውንና የሚገባውን አንድ በአንድ የሚያሰላው ረቂቅ ዘዴም ከዚህ እምብዛም የማይርቅ ውጤት ይሰጣል።

ስለዚህ «15 በመቶ» የሚለው ጽሑፍ እንደ አሠራሩ 24 ወይም 39 ማለት ሊሆን ይችላል። አበዳሪው አልዋሸም። ነገር ግን ተበዳሪዋ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም።

አበዳሪዎችስ ምን ይላሉ?

የአበዳሪው ወገን ክርክር ሊናቅ አይገባም። 120 ሺህ ብር ለማበደር የሚወስደው ሥራ 12 ሚሊዮን ለማበደር ከሚወስደው ብዙ አያንስም። ሠራተኛ ሄዶ የሚሠራበትን ቦታ ማየት አለበት። ማመልከቻው፣ ዋሱና ፊርማው ያው ነው። ደንበኛው በዜጌ ወይም በደቅ ደሴት ከሆነ ደግሞ ጉዞው ራሱ ወጪ ነው። ይህ ወጪ በትልቅ ብድር ላይ ሲከፋፈል አይታይም፤ በትንሽ ብድር ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል።

ቋሚ ወለድ ለማስረዳት ይቀላል የሚል ክርክርም አለ። በየወሩ አንድ ዓይነት ብር መክፈል ላልተማረ ሰው ለማስታወስ ይመቻል። ይህ እውነት ነው። ግን ከላይ እንዳየነው በተቀናሹም እኩል ወርሃዊ ክፍያ ማውጣት ይቻላል። ምቾቱ የመጣው ከክፍያው እኩልነት እንጂ ከስሌቱ አይደለም። ስለዚህ ይህ ክርክር ቋሚ ወለድን ለመደገፍ የሚበቃ አይመስለኝም። ወጪው ከፍ ካለ አበዳሪው «ወለዴ በተቀናሽ 27 በመቶ ነው» ብሎ በግልጽ ቢጽፍ ይሻላል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ከሌላው አበዳሪ ጋር ማወዳደር ይቻላል።

ሌላው የሚነሳው የዋጋ ንረት ነው። «ዕቃ በየዓመቱ እየተወደደ ስለሆነ ተበድሮ ዕቃ የገዛ ሰው አተረፈ» ይባላል። በከፊል ያስኬዳል። ፍሪዙን ዛሬ ገዝታ በሚቀጥለው ዓመት በሚረክስ ብር ብትከፍል ትጠቀማለች። ግን ክፍያው የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ሳይሆን በሚቀጥለው ወር ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው አማካይ ዕዳዋ 65 ሺህ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የተበደረችው ለፍሪዝ ብቻ ሳይሆን ለዕለት ዓሣ መግዣም ከሆነ፣ ዓሣው ሲወደድ የመግዣ ዋጋዋም አብሮ ይወደዳል።

ገንዘቡን ከሌላ ቦታ የማግኘት አማራጭም ያው በልኩ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አስቀምጦ ነበር፤ በኋላ ገደቡ ከፍ እየተደረገ መጥቷል። ገደብ ባለበት ጊዜ ባንክ ጥቂት ተበዳሪ መምረጥ ስላለበት ትልቅ መያዣ ያለውን ያስቀድማል። ትንሹ ነጋዴ ወደ እቁብ ወይም ወደ አራጣ ይገፋል። እቁብ ወለድ የለውም፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ግን አይታወቅም። አራጣ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። «በወር 10 በመቶ» የሚል አራጣ አበዳሪ በዓመት 120 በመቶ እያለ መሆኑን ማስላት ከባድ አይደለም። ከዚህ ጋር ሲተያይ 39 በመቶም ቢሆን ርካሽ ይሆናል። ይህ ግን 39ኙን «15» ብሎ ለመጻፍ ምክንያት አይሆንም።

የእፎይታ ጊዜና የፆም ወቅት

«የእፎይታ ጊዜ» ሲባል ብዙ ሰው ወለድም የማይቆጠርበት ጊዜ ይመስለዋል። በአብዛኛው ውል እንዲያ አይደለም። የሚቆመው የዋናው ክፍያ ነው፤ ወለዱ ይቆጠራል። ነጋዴዋ የሦስት ወር እፎይታ ብታገኝና በየወሩ ወለዱን ብቻ ብትከፍል 1,500 ብር ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 4,500 ብር ይጨመራል። ወለዱን ሳትከፍል ወደ ዋናው እንዲደመር ብትስማማ ዕዳዋ በሦስት ወር 124,556 ብር ገደማ ይደርሳል።

እንዲህም ሆኖ ለዚህ ንግድ እፎይታ ከምንም በላይ ሊጠቅም ይችላል። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ነው። የዓሣ ገበያ የሚደምቀው በፆም ነው። ዓቢይ ፆም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሐይቁ ዳር ጠብሶ የሚሸጥ ሰው ፋታ የለውም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይፆምም። ሰው ወደ ሥጋ ይዞራል፤ ዓሣ ይቀዘቅዛል።

ብድሩን በፋሲካ ዋዜማ የወሰደች ነጋዴ የመጀመሪያውና የሁለተኛው 11,500 ብር የሚደርስባት በዚያ በቀዘቀዘው ጊዜ ነው። በወር 26 ቀን ብትሠራ ለክፍያው ብቻ በየቀኑ 442 ብር ገለል ማድረግ አለባት፤ ትርፉ ግን በዚያ ወቅት ይህን ላይሸከም ይችላል። ያንኑ ብድር ፆሙ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብላ ብትወስድ የመጀመሪያ ክፍያዎቿን ከፆሙ ገበያ ታወጣለች። ቅዝቃዜው ሲመጣ ዕዳውም ወርዷል፤ ያጠራቀመችውም ይኖራታል። መቶኛው አልተለወጠም። ብድሩ የተወሰደበት ወር ብቻ ለውጥ አመጣ። አንዳንድ አበዳሪዎች ከንግዱ ወቅት ጋር የሚሄድ የመክፈያ ሰሌዳ ይሠራሉ፤ ለዚያ ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

«በአንድነትና በነጠላ» ምን ማለት ነው?

መያዣ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚበደረው በቡድን ዋስትና ነው። በአማራ ክልል ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ለብዙ ዓመታት ሲያበድር የኖረው በቡድን ጭምር ነው። አምስት ነጋዴዎች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል።

ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነን» የሚል ሐረግ ይገኛል። በተለመደ አማርኛ እንዲህ ማለት ነው። አንዷ ካልከፈለች አበዳሪው እሷን ከስሶ እስኪጨርስ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ከአራቱ መካከል የፈለገውን አንድ ሰው መርጦ ሙሉውን ዕዳ ሊጠይቅ ይችላል። ለአምስት ተካፍሎ የእኔ ድርሻ ብቻ የሚል መከራከሪያ አይሠራም። የከፈለችው በኋላ ከባለዕዳዋና ከሌሎቹ ዋሶች ልትጠይቅ ትችላለች፤ ግን መጀመሪያ ትከፍላለች።

ሕጉ ለዋስ ያስቀመጠለት አንድ ጠቃሚ ጥበቃ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለጎረቤቷ ዋስ ልትሆን የምትፈርም ሴት ከሁሉ አስቀድማ የምትፈልገው ቁጥር ይህ ነው። «እስከ ስንት ብር?» ባዶ ቦታ ላይ መፈረም አይገባም። በኋላ የሚሞላው ቁጥር የማን እንደሚሆን አይታወቅም።

ስለ መያዣ በአጭሩ። ቤት በመያዣነት የያዘ ባንክ ብድሩ ካልተከፈለ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ደግሞ እንደ ፍሪዝ፣ ማሽንና የዕቃ ክምችት ያሉ ነገሮች በመያዣነት እንዲመዘገቡ መንገድ ከፍቷል። ለዓሣ ነጋዴዋ ይህ ማለት ቤት ባይኖራትም የምትገዛው ፍሪዝ ራሱ መያዣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ፍሪዙ በመዝገብ እስካለ ድረስ ግን ያለአበዳሪው ፈቃድ ልትሸጠው አትችልም።

ሲዘገይና ቀድሞ ሲከፈል

ቅጣት ላይ አንድ ቃል ብዙ ብር ይለውጣል። በሰባተኛው ወር 10 ሺህ ብር ዋና ሳትከፍል አንድ ወር አለፈ እንበል። በዚያን ጊዜ ቀሪ ዕዳዋ 60 ሺህ ነው። ቅጣቱ በዓመት 5 በመቶ ቢሆን፣ «በዘገየው ክፍያ ላይ» ከተባለ ለአንድ ወር 42 ብር ያህል ነው። «በቀሪ ዕዳ ላይ» ከተባለ 250 ብር ይሆናል። ስድስት እጥፍ ነው። ውሉን ስታነቡ የቅጣቱን መቶኛ ብቻ ሳይሆን የሚታሰብበትን ገንዘብ ፈልጉ።

ቀድሞ መክፈልም እንዲሁ። ስድስት ወር ከፍላ፣ የፆም ገበያ ጥሩ ሆኖላት፣ የቀረውን 60 ሺህ አንድ ላይ ልትዘጋ ፈለገች። በተቀናሹ ስሌት የሚቀረው የስድስት ወር ወለድ 2,625 ብር ነበር፤ ያ ይቀርላታል። በቋሚው ስሌት የሚቀረው ወለድ 9 ሺህ ነው። ውሉ «ወለዱ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል» የሚል ከሆነ ቀድማ በመክፈሏ የምታተርፈው ምንም የለም። 60 ሺሁን ለስድስት ወር ያህል ቀድማ ሰጥታ ወለዱን እስከ መጨረሻው ወር እንደቆየ ሰው ትከፍላለች። ቋሚ ወለድ ያለበት ውል ላይ ስለ ቀድሞ መክፈል የሚለውን አንቀጽ ከመፈረም በፊት ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከስዕሉ ስር ሊጻፍ የሚገባው

የብድር ስዕል የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ዓምድ ቢስል ይበቃል። በአንዱ 12 እኩል ደረጃ፤ በሌላው ከ1,500 ጀምሮ እስከ 125 የሚወርድ የወለድ ደረጃ። ከስሩ ያለው ጽሑፍ ግን መቶኛውን መድገም የለበትም። በምሳሌያችን መሠረት እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«የተፈቀደልዎ 120,000 ብር ነው። ዛሬ በእጅዎ የሚገባው 104,400 ብር ነው። 3,600 ብር ለአገልግሎትና ለመድን ይቆረጣል፤ አይመለስም። 12,000 ብር በስምዎ ይቆጠባል፤ ብድሩ ሲያልቅ ይወስዱታል። ወለዱ የሚታሰበው በቀሪ ዕዳዎ ላይ ነው። የመጀመሪያ ወር ክፍያዎ 11,500፣ የመጨረሻው 10,125 ብር ነው። በ12 ወር የሚከፍሉት ዋናና ወለድ 129,750 ብር ይሆናል። ቀድመው ከከፈሉ ያልደረሰ ወለድ አይጠየቁም።»

ወለዱ ቋሚ ከሆነ ከእነዚህ መስመሮች አራቱ ይለወጣሉ። «በቀሪ ዕዳዎ» የሚለው «መጀመሪያ በተበደሩት ገንዘብ» ይሆናል። ወርሃዊ ክፍያው እስከ መጨረሻው 11,500 ሆኖ ጠቅላላው ወደ 138,000 ብር ይወጣል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንደ ውሉ ይጻፋል። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የ8,250 ብሩ ልዩነት ያለ ካልኩሌተር ይታያል።